ሀጂ ዘይኑን ያስደነገጠው ሰላምታ

ከዋናው መሥሪያ ቤት ስልክ ስናነሳ የምንለው ጽሑፍ መጣልን፦ «ጤና ይስጥልኝ፤ የከሚሴ ቅርንጫፍ ባንክ ነው፤ ረቢአ እባላለሁ፤ ምን ልርዳዎት?» ከሥሩ በቀይ «የተሸመደደ እንዳይመስል» ይላል። ሸምድዱት ብለው የላኩት እነሱው! ሥራ አስኪያጃችን ጓድ አብዱሰላም ሦስት ቀን ሙሉ «ፈገግ እያልሽ! ከልብሽ!» እያለ አናቴ ላይ ቆመ።

በአራተኛው ቀን የሰንበቴ ከተማው የከብት ነጋዴ ሀጂ ዘይኑ ደወሉ። ወትሮ በኦሮምኛ «አካም ቡልተን (እንዴት አደሩ) ሀጂ፣ ከብቱስ? ዝናቡስ?» ነበር የምላቸው። አሁን ጽሑፉን ፈገግ ብዬ አነበነብኩት።

ሀጂ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጄ፣ አጠገብሽ ሰው ቆሟል?» አሉኝ።

ጓድ አብዱሰላም ቆሟል። «አዎ» አልኩ።

«ካድሬ ነው?»

ጓድ አብዱሰላም ጽሑፉን በጣቱ ጠቆመኝ። «ምን ልርዳዎት?» አልኩ ደግሜ።

«አይዞሽ!» ብለው ዘጉት።

ከሰዓት በኋላ ሀጂ አራት ሽማግሌ በጭነት መኪና ይዘው ደረሱ። «ይህች ልጅ ምን አጠፋች? በአላህ ልቀቋት!»

ጓድ አብዱሰላም ወረቀቱን እያሳየ ወላሂ ብሎ ማለ። ሲረጋጉ፣ «ለመሆኑ ለምን ነበር የደወሉት?» አላቸው።

«ባንኩ ዛሬ ክፍት መሆኑን ልጠይቅ ነዋ። በከንቱ መንገድ እንዳልመጣ ብዬ።»

ያን ቀን ጓድ አብዱሰላም ለዋናው መሥሪያ ቤት የላከውን ደብዳቤ በታይፕ የመታሁት እኔ ነኝ፦ «በአዲሱ ሰላምታ፣ በአንድ ጥሪ ብቻ፣ አምስት ደንበኞች በአካል ቀርበዋል።»