የሦስት ቁጥር መስኮት

አምቦ ላይ ትንሽ ሆቴል አለኝ። ባለፈው ሳምንት ሦስት ቁጥር ክፍል ያደረችው ሮዳስ ኢሜይል ላከችልኝ።

«ወ/ሮ ፈትለወርቅ፣ ክፍሎችዎ ቢታደሱ ምን እንደሚመስሉ በኤአይ ልሥራልዎት። እርስዎ ክፍሎቹን በስልክ ያነሱልኛል፤ እኔ ለእያንዳንዱ ሁለት አማራጭ ምስል አዘጋጃለሁ። ሁለት ዙር እርማት ዋጋው ውስጥ አለ። የየምስሉ ግርጌ ‹የእድሳት ሐሳብ ነው› ይላል። ኤአይ የሌለ ነገር ሊጨምር ስለሚችል፣ ካዩ ይንገሩኝ፤ አጠፋዋለሁ። ሳድር ካነሳሁት ፎቶ የሠራሁትን ናሙና አያይዣለሁ።»

የሌለ ነገር አሳይቼ እንግዳ ላታልል ነው እንዴ? እየተነጫነጭኩ ናሙናውን ከፈትኩት።

አልጋውም ቀለሙም አዲስ ነው። አሁን ድፍን የሆነው ግራ ግድግዳ ላይ ግን መስኮት አለ፤ የጠዋት ፀሐይ አልጋው ላይ ወድቃለች።

እዚያ ጋ በእርግጥ መስኮት ነበረ! ጎረቤት ወፍጮ ሲተከል፣ ነፍሱን ይማረውና ባለቤቴ ሀብተሥላሴ ጩኸቱን ሽሽት በብሎኬት ደፈነው። ሮዳስ ያኔ አልተወለደችም።

ሮጬ ክፍሉን ከፈትኩት። ልስኑ ላይ የፀጉር ያህል የቀጠነ ስንጥቅ የመስኮቱን ቅርጽ ይዞ ዞሯል። እኔ በየቀኑ አልጋ ሳነጥፍ ያላየሁትን ማሽኑ ከአንድ ፎቶ አይቶታል። አማተብኩ። ወፍጮውም እኮ ከተነሳ ቆይቷል፤ ዝም ብለን በጨለማ ኖረናል።

እዚያው ቆሜ መለስኩላት፦

«ልጄ፣ ሥራሽን ጀምሪ። መስኮቱን ግን እንዳትነኪው፤ የሚታረመው ግድግዳው ነው።»