ያልተበላሸው ሞተሪኖ

የተጠበሰው ዓሣ ተበልቶ የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ጭር ማለት ሲጀምር፣ የሮስኮ ፒካፕ አልነሳም አለ። አላባማ ውስጥ መኪና እምቢ ካለ ወንዱ ሁሉ መካኒክ ነው፤ አንዱ ባትሪ ነው አለ፣ ሌላው ፊውዝ፣ አንድ ዲያቆን ደግሞ ጸሎት ጀመረ።

«ባትሪውማ ደህና ነው» አለ የሮስኮ ሚስት ወንድም ዱዌይን፣ ኮፈኑ ስር ተጎንብሶ። «ስማ አማቼ፣ የተበላሸው ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ ነው።»

«እኔም ጠርጥሬ ነበር» አለ ሮስኮ።

ውሸቱን ነው። ፋብሪካው የሥራ ሰዓት ሲቀንስበት ለሚስቱ ለቬልማ መንገር አፈረ። ጎዶሎውን ለመሙላት የፒካፑን ሊብሬ አስይዞ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ዶላር ተበደረ። አበዳሪው ዳሽቦርዱ ስር ትንሽ ሳጥን ገጠመበት፤ የመክፈያው ቀን ሲቃረብ ትጮኻለች፣ ቀኑ ካለፈ በማግስቱ ሞተሩን እንዳይነሳ ትቆልፈዋለች። በየወሩ የሚከፍለው ሦስት መቶ ዶላር ወለዱ ብቻ ነው፤ ውሉ ለሌላ ወር ይታደሳል፣ ዋናው ንቅንቅ አይልም። እስከ ዛሬ የከፈለው ከተበደረው በልጧል፣ ዕዳው ግን እንዳለ ነው። የዚህኛው ወር ደግሞ ትናንት አለፈው።

መጀመሪያ የሚዋሻት ስለ ብድሩ ብቻ ነበር። እያደር ምሳ ምን እንደበላ ስትጠይቀው እንኳ ይዋሻት ጀመር፤ ለምን እንደሆነ እሱም አያውቀው።

ሳጥኗ ስትጮኽ «ምንድን ነው?» ብትለው «የመቀመጫው ቀበቶ ነው» አላት። ቬልማም አምናው፣ አንድ ቅዳሜ ሙሉ የቀበቶውን መቆለፊያ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ስትፈትግ ዋለች። ሮስኮ በመስኮት ያያት ነበር።

አሁን መጥታ እጁን ያዘችው። «ሮስኮዬ፣ ፊትህን አታጥቁር። ለጥርሴ ያጠራቀምኩት አለ አይደል? ዱዌይን ነገ ሞተሪኖ ይግዛልህ። እኔ እንደሆነ በግራ በኩል ማኘክ ለምጃለሁ።» ሳቀች።

ሮስኮ ከዚህ በላይ አልቻለም።

«ተይው ቬልማ፣ ብርሽን አታውጪ። ሞተሪኖው ደህና ነው። ሊብሬውን አስይዤ ተበድሬ፣ ሳልከፍል ቀኑ አለፈና ቆለፉት። የሚጮኸውም ቀበቶው አልነበረም።»

ዱዌይን ኮፈኑን ቀስ ብሎ ዘጋና ሰዎቹን ይዞ ዘወር አለ። ደግ ሰው ነው፣ ሰው ሲያፍር ቆሞ አያይም።

«ያንን ሁሉ ስፈትግ ታየኝ ነበር?»

«አይሽ ነበር።»

እንባዋ መጣ። እጁን ግን አልለቀቀችም።

«ሌላስ አለ?»

«የለም» ሊል አፉ ተከፍቶ ነበር፤ ለምዶበታል። ቀና ብሎ አያት።

«አለ» አላት። «የማታውቂው አንድ ክሬዲት ካርድ አለ። እሱም ሞልቷል።»

ቬልማ የፒካፑን የኋላ በር አውርዳ ተቀመጠችበት፤ ለእሱም ጠጋ አለችለት።

«ና፣ ቁጭ በልና ሁሉንም ንገረኝ» አለችው ፊቷን እየጠረገች። «‹የለም› ብትለኝ እኮ አምንህ ነበር።»