በራሳቸው ፍላጎት የቆዩ

መልእክቱ የደረሰው በምሳ ሰዓት ነው። የካርቶን ፋብሪካው ሠራተኞች በሚበሉበት ጠባብ ክፍል ውስጥ ስልኮች ተከታትለው ጮኹና ማንኪያ የያዘ እጅ ሁሉ ወደ ኪስ ገባ። የፈረቃ ኃላፊዋ መነጽሯን ፈልጋ እስክታገኝ ሌሎቹ ግማሹን አንብበውት ነበር። ሁሉም «እትዬ» ነው የሚላት። ዕድሜዋም ቁጣዋም ለዚህ ስም ይበቃል።

ሥራ አስኪያጁ አሳምሮ ጽፏል። መጻፍማ አይቸግረውም፤ የሚቸግረው ሌላ ነው።

«ውድ ባልደረቦች፣ ከሰኞ ጀምሮ የትርፍ ሰዓት ሥራ ገደብ ይኖረዋል። ማንም ሠራተኛ በቀን ከአራት፣ በሳምንት ከአሥራ ሁለት ሰዓት በላይ በትርፍ ሰዓት አይሠራም። ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ የትርፍ ሰዓት ወጪያችን ከዕቅድ በላይ ሆኗል፤ በደከመ እጅ የሚሠራው ካርቶንም እየተበላሸ ብክነታችን ጨምሯል። ሁለተኛው የእናንተው ደኅንነት ነው። አንዳንድ ሠራተኞች ያለ ፈቃድ፣ በራሳቸው ፍላጎት እየቆዩ ሲሠሩ ነበር፤ ባለፈው ወር የደረሰውም አደጋ የዚህ ውጤት ነው።»

ቀጥሎ አሠራሩ ተዘርዝሯል። ትርፍ ሰዓት ሲያስፈልግ የፈረቃ ኃላፊው ምክንያቱን፣ የሠራተኞቹን ስምና የሰዓቱን መጠን ጽፎ ቢያንስ ከአንድ ቀን በፊት ያቀርባል፤ ሥራ አስኪያጁ ካልፈረመበት ማንም አይቆይም። ድንገተኛ ነገር ከገጠመ ሥራ አስኪያጁ ሥራው ሳይጀመር በስልክ መልእክት ይፈቅዳል፤ ቅጹ በማግስቱ ይሞላል። የእያንዳንዱ ፈቃድ ግልባጭ ለዋናው መሥሪያ ቤት ይላካል። የማይመቸው ሠራተኛ አልቆይም ማለት ይችላል። የተሠራ ሰዓት ቢፈቀድም ባይፈቀድም ይከፈላል፤ ያለ ፈቃድ ሠራተኛ ያስቆየ ኃላፊ ግን ይጠየቃል።

እውነቱን ለመናገር፣ ገደቡ ደግ ነገር ነበር። እሷ ራሷ ስንት ጊዜ «ሰው ብረት አይደለም» ብላ አመልክታለች፤ ያኔ ሁሉም ጆሮ ዳባ ልበስ ብሏት ነበር። አሁን ደሟን ያፈላው አንዱ ዓረፍተ ነገር ነው። ደግማ አነበበችው። በራሳቸው ፍላጎት። መነጽሯን አወለቀችና ምሳዋን ከፊቷ ገፋችው።

አደጋው የደረሰበት ሰው በመቁረጫ ማሽን ላይ የሚሠራ፣ ከአፉ ቃል የማይወጣ ልጅ ነው። ጭምቱ ይሉታል። ያን ዕለት መደበኛው ሰዓት ካለቀ በኋላ ሥራ አስኪያጁ ስልክ ደወለላት። ማሽኑ ስለሚጮህ ድምፁን ከፍ አድርጋ ነበር የተቀበለችው፤ ስለዚህ አዳራሹ በሙሉ ሰምቷል። «ጭነቱ ሳይወጣ ማንም እንዳይሄድ!» ነው ያለው። ቆዩ። ሌላ አራት ሰዓት አለፈ፤ እንደገና ደወለና ያንኑ አለ፤ እንደገና ቆዩ። በመጨረሻ ማሽኑ ውስጥ ካርቶን ተወተፈ፤ ጭምቱ ሊያላቅቀው እጁን ሰደደ። ማሽን ሳያጠፋ እጁን የሚሰድ ሰው አልነበረም። ደክሞት ነበር፤ በቃ። ሦስት ጣቶቹ ሄዱ።

መልእክቱ በወጣ በማግስቱ የጭምቱ እህት ፋብሪካው በር ላይ ቆማ ጠበቀቻት። የቀሩት ሁለት ጣቶች እንዲታጠፉለት ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ያስፈልገዋል፤ ከዘገየ እጁ እንደ ደረቀ ይቀራል ብለዋታል ሐኪሞቹ። የሕክምናውን ወጪ የሚሸፍነው የፋብሪካው ኢንሹራንስ ነበር፤ ኢንሹራንሱ ደግሞ ልጁ በዚያ ሰዓት ማሽኑ ላይ የቆመው በአሠሪው ትእዛዝ ስለመሆኑ ማረጋገጫ ጠየቀ። ፋብሪካው የሰጠው መልስ ይኸው መልእክት ሆነ።

«ያለ ፈቃድ ነው የቆየው ይላል አሉኝ» አለች እህቱ። «እትዬ፣ ወንድሜ ያለ ፈቃድ ውሃ የሚጠጣ ሰው ነው?»

አልነበረም። ይህን ከፈረቃ ኃላፊዋ በላይ የሚያውቅ የለም። የልጅቷን ትከሻ ይዛ አይዞሽ አለቻትና ደረጃውን ወጥታ በቀጥታ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባች።

ሥራ አስኪያጁ በዕድሜ ከእሷ ያንሳል። ነገር ሲፈልግ «እትዬ» ይላታል፣ ሲቆጣ «እርስዎ» ይላታል፤ በመካከል ያለውን አታውቀውም። ወንበር ሳበላት። አልተቀመጠችም። ያቺን ዓረፍተ ነገር ያውጡልኝ አለችው። ፊቱን በሁለት እጁ አሸት አሸት አደረገና ረጅም ነገር ጀመረ፤ ዋናው መሥሪያ ቤት ያን ያህል ሰዓት ያስቆየው ማነው ብሎ እንደጠየቀው፣ እሱም ያንን የማዘዝ ሥልጣን እንዳልነበረው፣ ነገሩ ሲበርድ ለጭምቱ ከሠራተኛው መዋጮ እንደሚሰበሰብለት። ዓይኑን በጨው አጥቦ ለመዋጮው የመጀመሪያው እኔ ነኝ አላት።

«እትዬ፣ አንድ መስመር እኮ ናት። እኔም ልጆች አሉኝ።»

«እሱም ጣቶች ነበሩት።»

ያኔ «እርስዎ» መጣ። ትእዛዝ ሰጥተዋል የሚሉኝ ከሆነ ማስረጃዎ የታለ አላት። በስልክ ነው፣ አዳራሽ ሙሉ ሰው ሰምቷል አለችው። እንግዲያው ይመስክሩ አለና በሩን አሳያት። እንዲህ ደፍሮ ያሳያት ሠራተኞቹን ስለሚያውቃቸው ነው።

አልተሳሳተምም። ወርዳ አንድ በአንድ ጠየቀቻቸው። የሙጫ ማሽን የምታሠራው ሴትዮ ስልኩ ሲጮህ ሰምታለች፣ የተባለውን ግን ልብ አላለችም። ፎርክሊፍት ነጂው የዚያን ዕለት ጆሮው ተደፍኖ ነበር። ሌላው የቤት ኪራይ አለበት፤ ሌላው ደግሞ ጫማውን አየ። አንዷ ምነው እትዬ ራስሽ ብትመሰክሪ አለቻት። መስክራማ ነበር፤ ጽፋ ሰጥታለች። ኢንሹራንሱ ግን ያስቆየችው ራሷ ስለሆነች ራሷን ለማዳን ነው ብሎ ጠረጠራት። በሥራ አስኪያጁ ከተናደደችው ይልቅ በእነዚህ ተናደደች። የአንድ ማሽን ጩኸት አብረው ሰምተው፣ የልጁን ደም አብረው አጥበው! ያን ቀን ከማንም ጋር ሳትነጋገር ወደ ቤቷ ሄደች፤ ባሏ ምን ሆንሽ ቢላት የመለሰችለት በር በመዝጋት ነው።

እንዲህ እየተኮራረፉ ሰኞ መጣና ገደቡ ሥራ ላይ ዋለ። ሳምንቱ ጥድፊያ ነበር። የመቁረጫ ማሽን ሠራተኞቹ በቅጽ እየተጠየቀ፣ እየተፈረመ አራት አራት ሰዓት ሦስት ቀን ቆዩና ሐሙስ ላይ አሥራ ሁለቷ ሰዓታቸው ተሟጠጠች። ዓርብ ከሰዓት በኋላ የትልቁ ደንበኛ መኪና በሩ ላይ ቆሟል፤ ጭነቱን ሊረከብ የመጣው ሰውም ሰዓቱን እያየ ይንጎራደዳል። ግማሹ ካርቶን ገና አልተቆረጠም።

የመውጫው ደወል ሊደወል ሲል የፈረቃ ኃላፊዋ ስልክ ጮኸ። እንደ ልማዷ ድምፁን ከፍ አድርጋ አነሳችው።

«ጭነቱ ሳይወጣ ማንም እንዳይሄድ!»

«በጽሑፍ ይላኩልኝ» አለች።

እሺ እልካለሁ፣ እናንተ ግን ቀጥሉ አላት። እስኪደርሰኝ እንጠብቃለን ብላ ስልኩን ዘጋች። ጽፎ እንደማይልክ ታውቃለች፤ ቢልክ የራሱን ገደብ ራሱ እንደጣሰ የሚናገር ወረቀት ግልባጩ ዋናው መሥሪያ ቤት ይገባል። እሱ የሚፈልገው እንደ ድሮው በአፍ የሚነገር፣ በኋላ የሚካድ ትእዛዝ ነው።

ደወሉ ተደወለ። የሙጫ ማሽኗ ሴትዮ ወደ እትዬ አየች። እትዬ ቆዩም ሂዱም አላለችም። ሴትዮዋ ማሽኗን አጠፋች። ቀጥሎ መቁረጫው ጠፋ፤ ፎርክሊፍቱም ባለበት ቆመ። ለመመስከር ወኔ ያጡት ሰዎች የተጻፈላቸውን ለመፈጸም ምንም ወኔ አላስፈለጋቸውም። ጃኬታቸውን መልበስ ጀመሩ።

ሥራ አስኪያጁ ደረጃውን እየዘለለ ወረደ። ፊቱ ቀልቷል። ወዴት ነው አለ፤ መኪናው በር ላይ ቆሞ ወዴት ነው የሚኬደው?

«የመቁረጫ ማሽን ሠራተኞቹ ሰዓታቸውን ጨርሰዋል» አለች የፈረቃ ኃላፊዋ። «ፈቃድ የለንም። መልእክትዎ ላይ በራሳቸው ፍላጎት ይቆያሉ ብለው ነበር። ዛሬ ፍላጎት ያለው ሰው አጣሁ።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ሥራ አስኪያጁን የሰበረችው ያቺ ሳቅ ሳትሆን አትቀርም። ጣቱን በፈረቃ ኃላፊዋ ላይ ቀስሮ ጮኸ።

«ዛሬ ነው ወረቀት የመጣው? ያን ዕለት ጭምቱ እጁን እስኪቆረጥ ድረስ ቆዩ ብዬ ሳስቆያችሁ ማን ወረቀት ጠየቀኝ?»

ማሽኖቹ ሁሉ ጠፍተው ስለነበር እያንዳንዷ ቃል ጥርት ብላ ተሰምታለች። ጭነት ሊረከብ የመጣው ሰው መንጎራደዱን ትቶ ቆሟል። ሥራ አስኪያጁ ምን እንዳለ የገባው ዘግይቶ ነው።

«እኔ ሰምቻለሁ» አለች የሙጫ ማሽኗ ሴትዮ። «ያን ዕለትም ሰምቻለሁ።»

ፎርክሊፍት ነጂውም ሰምቻለሁ አለ። ጆሮው ተከፍቶ ነበር። ሌሎቹም ተከተሉ፤ አሁንማ ቀላል ሆነላቸው። የፈረቃ ኃላፊዋ ግን ወደ እነሱ አልዞረችም።

«አሁን ያሉትን ይጻፉት» አለችው። «ሙጫና ማሠሪያ ክፍል ያሉት ገና ሰዓት አላቸው፤ የተቆረጠውን አሥረው ዛሬ ይጭኑታል። የቀረውን ነገ የቅዳሜው ፈረቃ በመደበኛ ሰዓቱ ይቆርጠዋል። ደንበኛውም በሁለት ዙር እረከባለሁ ብሏል፤ ጠይቄዋለሁ። የሚቀረው የእርስዎ ብቻ ነው።»

ይህ ማስገደድ ነው አላት። አይደለም፣ አሠራር ነው አለችው። ወደ መኪናው አየ፣ ወደ ደንበኛው ሰው አየ፣ ከዚያ ስልኩን አወጣ። ቆሞ ነው የጻፈው። ስልኮቹ ልክ እንደዚያ ቀን ምሳ ሰዓት ተከታትለው ጮኹ። «እርማት፦ ባለፈው ወር አደጋ የደረሰበት ባልደረባችን በትርፍ ሰዓት የቆየው በእኔ ትእዛዝ ነው። የሙጫና የማሠሪያ ክፍል ሠራተኞች ዛሬ ለሁለት ሰዓት እንዲቆዩ ፈቅጃለሁ።» ጽፎ እስኪልክ ቆማ ጠበቀችው፤ አንድ ሰው ጫማውን አጥልቆ የሚያሥርበትን ያህል ጊዜ እንኳ አልፈጀበትም።

ያን ማታ የጭምቱ እህት ደወለች። መልእክቱን ለኢንሹራንሱ ልካለች፤ ይህ ካለማ ምን ቀረ ብለዋታል፤ ቀዶ ሕክምናው በቅርቡ ነው። እያለቀሰች መረቀቻት። ስልኩን ለጭምቱ አቀበለችውና እሱም እንደ ልማዱ ጥቂት ተንፍሶ «እግዜር ይስጥሽ እትዬ» አለ።

አሜን አለችው። ስልኩን ስትዘጋ ደስ ይለኛል ብላ የጠበቀችው ደስታ አልመጣም። ባሰባት እንጂ። እህቱ በር ላይ ቆማ አለቀሰች፤ እሷ ቢሮ ድረስ ወጥታ ለመነች፤ ልጁ እጁን በፋሻ ጠቅልሎ ቤት ተቀመጠ። ሥራ አስኪያጁም አዳራሽ ሙሉ ሰውም ከቦታው አልተነቃነቀም ነበር። ለሦስት ጣት ያልተጻፈችው አንዲት መስመር ለአንድ መኪና ካርቶን ወዲያው ተጻፈች።