በ1966 ወይስ በ1967?

ናጅዋ ወልድያ ውስጥ ለሁለተኛ ዲግሪ ታሪክ ታጠናለች። የመመረቂያ ጽሑፏ የሐብሩ ወረዳ ጭሰኞች ለባለርስት ይከፍሉት ስለነበረው የምርት ድርሻ ነው። ርዕሱ ሥር «ከ1933 እስከ 1966 ዓ.ም.» ብላ ጻፈች። አማካሪዋ ዶክተር ሲራክ የመጨረሻውን ቁጥር ከበቡት።

«እዚህ ላይ ለምን አቆምሽ?»

«አብዮቱ የፈነዳበት ነዋ።»

«አዲስ አበባ ላይ። የሐብሩ ጭሰኛስ በዚያ ዓመት መክፈሉን ተወ?»

በማግስቱ ሐብሩ ውስጥ ወዳለችው መርሳ ወርዳ ሁለት አዛውንት ጎረቤታሞች ጠየቀች፤ አባባ ዛኪርንና እማማ ሸጊቱን።

«ለእኛ ዘመን የተቆረጠው በ65ቱ ድርቅ ነው» አሉ አባባ ዛኪር። «በሬው አለቀ፣ ሰዉ ተሰደደ። ምን ይከፈላል?»

«ዝናቡ ሲመለስ ባለርስቱ ሲሶውን ፈልጎ አልመጣም?» አሉ እማማ ሸጊቱ። «የቀረው በ67፣ መሬቱ ሲታወጅ ነው።»

«ከታወጀ በኋላም ፈርቶ በስውር የሰጠ ነበር፣ ወላሂ።»

«አንቱ አይተዋል፣ አባባ?» አለች ናጅዋ።

«የሰጠው ወንድሜ ነዋ!»

በሚኒባሱ ስትመለስ ዓመቶቹን አንድ በአንድ ፈተነች። በ1965 ብታቆም ጭሰኝነትን ድርቅ የገደለው ይመስላል። በ1967 ብታቆም አዋጁ ሁሉን በአንድ ቀን የጨረሰው ይመስላል። ስውሩን ክፍያ ቆጥራ በ1968 ብትል ደግሞ የጥቂት ሰዎች ፍርሃት የሁሉም ሊሆን ነው።

«ዓመተ ምሕረቱን ከርዕሱ በሙሉ ላውጣው?» አለቻቸው ሲራክን።

«ካወጣሽው ምን እንደተለወጠ በምን ታሳያለሽ? ዘመን የምንከፍለው ያለፈው ራሱ ተከፍሎ ስለመጣ አይደለም። ‹እስከዚህ ድረስ አንድ ነገር ጸንቶ ነበር፣ ከዚህ በኋላ ተለወጠ› ብለን ለመከራከር ነው። ያ ነገር ባንቺ ጽሑፍ የትኛው ነው?»

«ክፍያው… የመክፈል ግዴታው።»

«ግዴታውን ያነሳው ምንድን ነው?»

«የየካቲት 67ቱ አዋጅ። ግን አንዳንዶቹ ከዚያም በኋላ ከፍለዋል!»

«እሱንም ጻፊው።»

ጻፈችው። 1967ን የመረጠችው ባለርስቱ ድርሻውን በሕግ የመጠየቅ መብቱን ያጣበት ዓመት በመሆኑ እንደሆነ፣ ድርቁ ክፍያውን ቢያቋርጠውም መብቱን እንዳላነሳው፣ በስውር መክፈል ደግሞ ለጊዜው እንደቀጠለ አስረዳች። ጥያቄዋ ስለ ረኃብና ስደት ቢሆን ኖሮ ሌላ ዓመት ትመርጥ እንደነበርም አከለችበት። ሲራክ አንብበው ፈረሙላት።

«ስለዚህ ትክክለኛው ዓመት 1967 ነው ማለት ነው?»

«ልትከራከሪለት የምትችዪው ዓመት ነው።»

አመስግና ወጣች። ደስ ሊላት ይገባ ነበር፤ ተፈርሞላታል። ባጃጅ ውስጥ ግን ሾፌሩ የት እንደምትወርድ ሁለት ጊዜ ጠየቃት። ናጅዋ ገና እያሰበች ነበር፤ ሁለቱን አዛውንቶች ደግማ ብትጠይቃቸው የትኛቸው በምርጫዋ እንደሚስማሙ ማወቅ አልቻለችም።