ክፍል ሦስት በምን ይከፈት

«የከማል እናት ክፍል ሁለትን ካየች ወዲህ እህል አልቀመሰችም።»

ትርፊት ይህን ያልነገረችው ሰው ሆሳዕና ውስጥ ቢፈለግ አይገኝም። መናኸሪያው አጠገብ ቪሲዲ ታከራያለች፤ ዲስክ ሊመልስ የመጣ ሁሉ ወሬዋን ተከራይቶ ይሄዳል፣ ሲመለስም ጨማምሮበት ይመጣል።

ረምላ ከመደርደሪያው ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል፣ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጣ እንደገና ሰማችው። ድራማውን የጻፈችውም ኤዲት የምታደርገውም እሷ ናት። ያስተማራት የለም፤ ትምህርት ቤቷ የትርፊት ባንኮኒ ነበር። ዲስኩን የመለሰ ሰው ቀጣዩን እዚያው ቆሞ ይጠይቃል ወይስ «ሌላ ቀን» ብሎ ይሄዳል? እያየች ለየችው። ሁሉ ነገር የተፈታለት ሰው ይረሳል። ምንም ያልተፈታለት ደግሞ ተሾፈብኝ ብሎ ይናደዳል። ትንሿን ጥያቄ መልሰህ፣ ወዲያው ትልቋን ስትከፍትበት ግን ሮጦ ይመጣል።

በክፍል ሁለት፣ ከማል የሚጫወተው ልጅ ወደ ደቡብ አፍሪካ ሲጓዝ መንገድ ላይ ድምፁ ይጠፋል። ጎህ ሲቀድ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌዎች የእናቱን በር ያንኳኳሉ። እንዲህ በማለዳ ሽማግሌ የሚመጣው ወይ መርዶ ይዞ ነው ወይ ልጅ ሊጠይቅ፤ ቤት ውስጥ ደግሞ ያላገባች እህት አለች። እናትየዋ በሩን ትከፍታለች፣ ሽማግሌው አፉን ይከፍታል፣ ስክሪኑ ይጨልማል።

መከራው፣ አራቱም ክፍል ተቀርጾ ባለቀ ማግስት ከማል ራሱ በእውን ደቡብ አፍሪካ መሄዱ ነው።

«አንቺ ነሽ መርዶ የላክሽባት» አለች ትርፊት በመጋረጃው አንገቷን አስግጋ።

«ለእህቱ ነው የመጡት፣ እትዬ ትርፊት። ክፍል ሦስት ሲጀምር ይለይለታል።»

«ልጁስ?»

«እህቱ አባት የላትም፤ የሚድራት እሱ ነው። በሕይወት አለ ወይስ የለም? ክፍል ሦስትን ጎትቶ የሚወስደው ይሄ ነው። መጨረሻው ላይ ስልክ ይጮሃል፣ እናቱ ስታነሳው እንቆርጣለን። ቤቱ የሚገባው ክፍል አራት ላይ ነው።»

«እስከዚያ ሴትዮዋ ትሙትልሽ። ‹ጉዱ መቼ ነው የሚፈታው በያት› ብላ ልካብሻለች።»

ረምላ የትርፊትን አፍ ማመን የሞኝ ሥራ ነው ብላ በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ወደ ከማል እናት፣ ወደ ወይዘሮ አይሻ ሰፈር ሄደች። ሴትዮዋ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ ከንፈራቸው ደርቋል። ጎረቤት ወተት ብታቀርብላቸው በእጃቸው ገፋ አደረጉት። ለወረዳ ሹም እንኳ የማትመለሰው ምላሰኛዋ ረምላ ከአጥሩ ዳር ተጣብቃ ቀረች። ገብታ ምን ትበል? ልጅዎን የገደልኩት ድራማዬን ሰው እንዲያይልኝ ነው ትበል? ሳትገባ ተመለሰች።

ኮምፒውተሩ ላይ ቁጭ ብላ የከማልን መመለስ ከክፍል አራት አንስታ ክፍል ሦስት መጀመሪያ ላይ ለጠፈችው። ሽማግሌዎቹ ገና ሳይናገሩ ልጁ ሻንጣውን ይዞ ከኋላቸው ይገባል። እልልታ። እቅፍ። አለቀ።

ትርፊት እስከ እልልታው አየችው።

«የቀረውን ሰዓት ምን ይይዘዋል?» አለች።

«ምንም አይይዘውም። ወንድሟ መጣ፣ ዳራት። አወቅሁት፣ አትንገሪኝ።»

«እና ታወጪዋለሽ?»

«ሰው ልግደል?»

ዲስኩ ለዱራሜ፣ ለጊምቢቹ፣ ለሙዱላ ተሰራጨ። ጠዋት የተከራዩት ከሰዓት መለሱት። «መጣ አይደል? ከዚያ ወዲያ ምን አለው፣ አጠፋነው» አሉ። ክፍል አራት መቼ ነው ያለ አንድ ሰው አልተገኘም። የዱራሜው አከፋፋይ ክፍል አራትን እንዳትልኩብኝ አለ፤ የሌሎቹም መልስ ከዚያ አልራቀም። ኮምፒውተሩን ያዋሳት ሰው መጥቶ፣ ገመዱን ጠቅልሎ፣ የሠርግ ቪዲዮ ለሚያቀናብር ሌላ ሰው ይዞላት ሄደ። ረምላ ባዶው ጠረጴዛ ፊት ተቀምጣ ቀረች። ምናልባት አንዲት ሴት በልታ አድራለች ብላ ራሷን ልታጽናና ሞከረች፤ አልሆነላትም።

ይህን ስታስብ ነው ወይዘሮ አይሻ ዲስኩን በነጠላቸው ጫፍ ይዘው የገቡት። ደህና ናቸው፤ እንዲያውም ወዛቸው ተመልሷል።

«አንቺ ልጅ፣ ምን ነካሽ? ያን የመሰለ ነገር ምነው እንዲህ አበላሸሽው?»

«ለእርስዎ ብዬ ነው። ከማል መመለሱን እንዲያዩ።»

«የኔ ልጅ ደህና መሆኑን ካንቺ ልስማ? በየጁምዓው ይደውልልኝ የለ እንዴ።»

«እህል አልቀመሱም ሲሉኝ… እኔም ወተቱን ሲገፉት አይቻለሁ።»

«ቀዳ ነዋ፤ በረመዳን ታምሜ ያመለጠኝን ጾም እያወጣሁ ነበር። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ፣ ለእህትየዋ ሽማግሌ የላከው ማነው የሚለው ነው።»