በውሉ ላይ የተጻፈው ዋጋ

ወንድሜ ዘውገ ብልጥ ነኝ የሚል ሰው ነው። ብልጠቱ ግን ሁሌ በእኔ ኪስ ነው የሚወራረደው። ጅዳ ሰው ቤት ተቀጥሬ ያጠራቀምኩትን ብር ልኬለት፣ በውክልና ላሊበላ ላይ ቤት የገዛልኝ እሱ ነው። አንድ ሚሊዮን አራት መቶ ሺህ ብር በጥሬው ከፈለ፤ ውሉ ላይ ግን አራት መቶ ሺህ አስጻፈ። ለስም ማዛወሪያና ለቴምብር የሚከፈለው እንዲያንስ ነው፤ ያኔ ይህን የማያደርግ ገዢ ጅል ይባል ነበር። ሻጩ አባ ገብረ ሚካኤል ግን ደስ አላላቸውም። «የተቀበልኩትን ነው እንጂ ሌላ አልጽፍም» ብለው ግማሽ ቀን ተከራክረውታል። ዘውገ ሽማግሌ ልኮ፣ አድክሞ አስፈረማቸው። እኔ ይህን ያወቅሁት ወደ አገሬ ከገባሁ በኋላ ነው፤ ተናድጄ ሦስት ወር አላናገርኩትም።

ቤቱን ለአስጎብኚዎችና ለመምህራን አከራየሁት። እኔ ራሴ ደግሞ ሐምዲያ ከምትባል ሴት ቤት ተከራይቼ ምግብ ቤት ከፈትኩ። ሰባት ዓመት በዚያ ምድጃ ፊት ቆሜያለሁ፤ እንግዳ በጠፋበት ዘመን እንኳ አልዘጋሁም። ዘንድሮ ሐምዲያ ልጆቿ ወልድያ ወሰዷትና ቤቱን ልትሸጥ ሆነ። ቅድሚያውን ለእኔ ሰጠችኝ። ሦስት መቶ ሺህ ቀብድ ከፈልኩ፤ የቀረውን እስከ ዓርብ ካልሞላሁ ቀብዱም ይቀራል፣ ቤቱንም ሆቴል ያለው ሌላ ሰው ይወስደዋል። ቀልድ የለም፣ ተፈራርመናል።

ስለዚህ የሚከራየውን ቤት ለመሸጥ ቆረጥኩ። ጣሃ የሚባል የወልድያ ነጋዴ በሦስት ሚሊዮን አምስት መቶ ሺህ ወሰደው። ዘውገ ወዲያው ጣሃን ጠጋ ብሎ ውሉ ላይ ዝቅ አድርገን እንጻፍ አለው። ጣሃ ሳቀበት፤ የሚገዛው በባንክ ብድር ስለሆነ ባንኩ ያለ እውነተኛው ዋጋ አይሰማም። እሰይ አልኩ በሆዴ።

ማክሰኞ ገቢዎች ጽሕፈት ቤት ገባሁ። ጉዳዩን የያዘችው ትሕትና የምትባል ሠራተኛ ናት፤ ረጋ ያለች፣ ሰው የማታጣድፍ። ግብሩ የሚጣለው በሽያጩ ዋጋ ላይ ሳይሆን በጥቅሙ ላይ ነው ብላ አስረዳችኝ፤ ከተሸጠበት ላይ የተገዛበት፣ ቤቱን ለማሻሻል የወጣውና ለመሸጥ የወጣው ይቀነስና ከቀሪው አሥራ አምስት በመቶ ይከፈላል። ግብሩ ሳይከፈል ስም አይዛወርም፤ ስም ካልተዛወረ ደግሞ ባንኩ የጣሃን ብር አይለቅም። የግብሩን ያህል ጣሃ ከዋጋው ላይ አስቀድሞ ሊሰጠኝ ተስማምቷል።

ወረቀቴን አንድ በአንድ አየችልኝ። ግዢው ላይ የተከፈለውን የስም ማዛወሪያ ቆጠረችልኝ። በፈቃድና በደረሰኝ የጨመርኳቸውን ሁለት ክፍሎችና ማድቤቱን ቆጠረችልኝ። የደላላውንም ቆጠረችልኝ። የጣሪያውን ጥገናና ቀለሙን ግን ወደ ጎን አደረገች፤ እሱ ጥገና ነው እንጂ ማሻሻያ አይደለም፣ በየዓመቱ የኪራይ ግብር ስትከፍዪ ለጥገና ተብሎ ተቀንሶልሻል አለች። የድንጋዩን አጥርስ አልኳት። በደቦ ነው ያሠራሁት፤ ጠላ ጠምቄ፣ ድፎ ደፍቼ፣ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ወጥቶ ነው የካበው። ደረሰኝ አለ ወይ ስትለኝ ብልጭ አለብኝ። ጠላ ጠጥቶ ደረሰኝ የሚቆርጥ የላስታ ሰው አይታ ታውቅ እንደሆነ ጠየቅኋት። አልተቆጣችም፣ ፈገግ ብላ ወደ ጎን አደረገችው።

ዋናው ጣጣ ግን የተገዛበት ዋጋ ነው። እሷ የምታየው አራት መቶ ሺህ ብቻ ነው። የዘውገ አንድ ሚሊዮን ብር በወረቀት ላይ የለችም፤ ስለዚህ እንደ ትርፍ ተቆጥራ በእሷ ብቻ መቶ ሃምሳ ሺህ ግብር ታስከፍለኛለች። ሁሉም ተደምሮ ግብሩ ወደ ሦስት መቶ ሰማንያ ሺህ ደረሰ። እሱን ከፍዬ ለሐምዲያ ዘጠና ሺህ ገደማ ይጎድለኛል። ቀብዱን ለመሙላት የማውቀውን ሰው ሁሉ ተበድሬ ጨርሻለሁ፤ አሁን መንገድ ላይ ሲያዩኝ የሚዞሩ አሉ።

ዘውገ አጠገቤ ሆኖ ሁሉን ሰምቷል። ሻጩ በሕይወት አሉ፣ መጥተው ቢመሰክሩስ አላት። ትሕትና ቃላቸውን በጽሑፍ ሰጥተው ከፈረሙ ጉዳዩ ለውሳኔ ሊቀርብ ይችላል፣ ያኔ ያልተከፈለውም የስም ማዛወሪያ ልዩነት ይጠየቃል አለች። እኔ አሰላሁት፤ እሱን ከፍዬም ለሐምዲያ ይሞላልኛል። ዘውገ ቀሪውን ሳይሰማ ብድግ ብሎ ወጣ።

እሱ ከወጣ በኋላ ነው ድምጿን ዝቅ አድርጋ የነገረችኝ።

«ሰውየው እውነተኛው ዋጋ ይህ ነው ብለው ከፈረሙ፣ የሸሸጉት አንድ ሚሊዮን የእሳቸው ትርፍ ነው የሚሆነው። የሚኖሩበት ሳይሆን የሚያከራዩት ቤት ስለነበር ግብር አለበት። ግብሩ ከነወለዱና ከነቅጣቱ እሳቸው ላይ ይመጣል። ማጭበርበር ካለበት ደግሞ ዘመን አልፎበታል አይባልም።»

አባ ገብረ ሚካኤል የቤቱን ብር ለልጃቸው ሕክምና ጨርሰውታል፤ ልጁም አልተረፈም። ዛሬ አሸተን ማርያም ተራራ ሥር ባለች ጎጆ ከአንዲት ላም ጋር ይኖራሉ። ለዘውገ ደወልኩ፤ ወደ እሳቸው ወደ ተራራው ወጥቶ ኔትወርክ የለውም። ማታ ቤቱ ሄድኩ፤ አልገባም፤ እዚያው አድሯል። እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። እውነቱን እናገራለሁ፣ ይመስክሩልኝ ያልኩበትም ሰዓት ነበር። ሰባት ዓመት ነው፣ ምድጃዬ ነው፤ እሳቸው ደግሞ ፈርመዋል፣ ማን ፈርሙ አላቸው እላለሁ። ከዚያ ሽማግሌ ተልኮባቸው እንደፈረሙ ትዝ ይለኛል፤ የላከው የእኔ ወንድም ነው፣ በእኔ ስም።

ረቡዕ ጠዋት ጽሕፈት ቤቱ በር ላይ ቆሜ ልጠብቃቸው አሰብኩ። ቀድመውኛል። ስገባ አባ ገብረ ሚካኤል ነጠላቸውን አጣፍተው ትሕትና ፊት ተቀምጠዋል፤ ዘውገ ከኋላቸው ቆሞ ብዕር ይዟል። ሲያዩኝ ፊታቸው በራ።

«ልጄ፣ ያች ነገር ስትከነክነኝ ነው የኖረችው» አሉኝ። «ዛሬ እውነቱን ተናግሬ ልገላገል ነው።»

ትሕትና እኔን አየችኝ፣ ከዚያ ወደ እሳቸው ዞረች። «አባ፣ ቤቱን በስንት ነው የሸጡት?»

«በአራት መቶ ሺህ ነው» አልኩ እኔ፣ አፋቸውን ሳይከፍቱ ቀድሜ። «ውሉ ላይ የተጻፈው ነው ዋጋው። ሌላ የለም።»

አባ ግራ ገባቸው። «ኧረ ልጄ፣ አንድ ሚሊዮን አራት መቶ ነው እንጂ። በእጄ ቆጥሬ የተቀበልኩት?»

ምን ልበል? እውነተኛውን ምክንያት ብናገር እሳቸውን አውቃቸዋለሁ፤ ላሟን ሸጠው፣ ጎጆዋን ሸጠው እከፍላለሁ ብለው የሚፈርሙ ሰው ናቸው።

«አርጅተዋል» አልኳት ለትሕትና፣ እሳቸውን ሳላይ። «ያምታታቸዋል። የሚሉትን አትጻፊ።»

ትሕትና ባዶውን ወረቀት ወደ መሳቢያዋ መልሳ፣ በተጻፈው ዋጋ የተሰላውን ግብር እንድፈርም ሰጠችኝ። ፈረምኩ።

ደጅ ስንወጣ ዘውገ አብደሻል ወይ እያለ ይከተለኛል። ዞር ብዬ ብመታው ደስ ባለኝ፤ አባ ስላሉ ተውኩት። ባጃጅ ጠርቼ፣ ክንዳቸውን ይዤ ላሳፍራቸው ስል ክንዳቸውን ከእጄ አወጡ።

«ያኔ ወንድምሽ ዋሾ አደረገኝ፤ ቻልኩት» አሉኝ። «ዛሬ አንቺ በሰው ፊት ጃጅቷል አልሽኝ። ለብር ብለሽ ነው?»

«አዎ አባ፣ ለብር ብዬ ነው» አልኳቸው።

ባጃጁ ሲሄድ ዞረው አላዩኝም። እኔም ዕቃዬን ከሐምዲያ ቤት ላወጣ ሄድኩ።