ጠረጴዛ ሥር የገባው ሾፌር

ልብስ ሰፊዋ ቁርጭምጭሚቷ ወለም ያላት ለፈተናው ሦስት ቀን ሲቀረው ነው። እግር የሚከዳው ሰዓት መርጦ ነው፤ ያውም ቀኙ፣ የስፌት መኪናውን መርገጫ የለመደው።

ፈተናው የስፌት ማኅበሩ አስተማሪ ለመሆን የሚሰጠው ነው። ሁለት ጊዜ ወድቃለች፤ ሦስተኛ ጊዜ የወደቀ ደግሞ አይፈተንም። እሷ ማስተማር አምሯት አምሯት ሊገድላት ነው። የሚጠየቀው ሲሰሙት ቀላል ነው፤ በሁለት ጨርቅ መሀል ጥጥ አስገብቶ፣ በቤት ስፌት መኪና፣ የሚጠማዘዝ መስመር መስፋት። ለዚህ ስፌት ግን ጨርቁን ከሥር የሚስበው የመኪናው ጥርስ ዝቅ ይደረጋል። ከዚያ በኋላ ጨርቁን የሚያስኬደው የሰፊው እጅ ብቻ ነው። እጅ ከመርፌው ከፈጠነ ስፌቱ ይረዝማል፤ ከዘገየ ስፌት በስፌት ላይ ይከመራል። የሷ የሚከመረው ኩርባ ላይ ነው። ኩርባ ስታይ እጇ ይፈራል፣ እግሯ ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ይረግጣል።

የፈተናውን ዳኛ ሁሉም «ማስመሪያ» ነው የሚላት። በየሴንቲሜትሩ አራት አራት ስፌት ካልቆጠረች እናቷንም አታሳልፍም።

ሰፊዋ ግራ እግሯን ሞከረችው። ግራው ወይ ይተኛል ወይ ይጋልባል፤ መሀል የሚባል ነገር አያውቅም። ሁለት መርፌ ሰብራ ማልቀስ ጀመረች።

ባሏ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር ነው። ለቅሶዋን ሰምቶ ጋዜጣውን አጠፈ።

«እኔ ልርገጥልሽ» አላት። «ሠላሳ ዓመት ሙሉ ምን ስረግጥ የኖርኩ መሰለሽ?»

ጠረጴዛ ሥር ከመግባቱ በፊት የመኪናውን አንዷን ቁልፍ አዟዟረ። «የስፌት ርዝመቱን ሁለት ተኩል ላይ አድርጌልሻለሁ። አሁን ማን ይችልሻል።»

«አንተ ሰውዬ፣ ጥርሱ ወርዶ የለ እንዴ? ቁጥሩ የሚያዘው ጥርሱን ነው። አሁን ርዝመቱ የሚወሰነው እኔ ስገፋና አንተ ስትረግጥ ነው።»

«እሱንም እናየዋለን» ብሎ በአራት እግሩ ገባና መርገጫውን በመዳፉ ያዘ።

የመጀመሪያው ቀን ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ሆነ። በሁለተኛው ቀን ከሥር ድምፅ መጣ። «ኩርባ ስትደርሺ ለምን አትነግሪኝም?»

«ምን ሊያደርግልህ?»

«ኩርባን በሙሉ ፍጥነት የሚነዳ የት አገር አየሽ?»

«ኩርባ» ስትለው መዳፉን አላላ። እጇ ሲዘገይ መርፌውም አብሮ ዘገየ። «ቀጥታ» ስትለው ሁለቱም ፈጠኑ። ጨርቁን አንስታ አየችው፤ ስፌቱ ከዳር እስከ ዳር እኩል ነው። ለካ ስንት ዓመት እጇን ስትረግም የኖረችው በከንቱ ነው። ደስ አላት፤ ያወቀው እሱ በመሆኑ ደግሞ ትንሽ ተናደደች።

በፈተናው ቀን ማስመሪያ ጎንበስ ብላ ከጠረጴዛው ሥር አየች።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«እግሬ ነው» አለች ሰፊዋ።

«ደህና አደሩ» አለ እግሩ።

ማስመሪያ የማኅበሩን ደንብ አገላበጠች። ደንቡ «ተፈታኟ በገዛ እጇ ትሰፋለች» ይላል እንጂ ስለ እግር አንድም ነገር አይልም። «ይሁን» አለች ቅር እያላት። «በፈተና ላይ ማውራት ግን ክልክል ነው።»

ሰፊዋ ከጠረጴዛው ሥር ወደ ባሏ አየች። ካላወራች ኩርባውን ማን ይነግረዋል? ይሄ ከጠረጴዛ ሥር ያለ ሰው ገደል ይዟት ሊገባ ነው። ሌላ መላ አጣችና ጫማዋን አውልቃ ግራ እግሯን ትከሻው ላይ አሳረፈችው። ጫን ስትለው እሱ መርገጫውን ጫነ። ላላ ስታደርግለት አላላ። እሷ ባሏን ረገጠች፣ ባሏ መኪናውን ረገጠ፣ መስመሩ ኩርባውን አንድ በአንድ እየዞረ ወጣ።

ማስመሪያ ጨርቁን ወስዳ ለካች። ገልብጣ በጀርባውም ለካች። አራት፣ አራት፣ አራት፤ ኩርባውም ላይ አራት። ከዚያ መነጽሯን አወለቀች።

«አልፈሻል» አለች። «ግን አንድ ነገር ንገሪኝ። ጎንበስ ብዬ ሳየው ሲጫንም ሲላላም የነበረው ያንቺው ግራ እግር አይደል? ይሄን ያህል የሚያውቅ እግር ይዘሽ ሽማግሌውን ምን ጠረጴዛ ሥር አስገባሽው?»

ሰፊዋ ግራ እግሯን አየችው። እውነትም እግሩ ያው ነው፤ ከሦስት ቀን በፊት ሁለት መርፌ ያሰበራት እግር ነው። ባሏ ትከሻውን እያሸ ወጣ። ጉልበቱ ላይ ክር ተጠምጥሟል፤ ፊቱ ግን አውቶቡሱን ከነተሳፋሪው በሰላም ያገባ ሰው ፊት ነው። እሱን ስታይ መልሱ መጣላት።

«መርገጫውን ስረግጥ» አለች፣ «ያመዋል ብዬ አስቤ አላውቅም። የሱ ትከሻ ግን ያመዋል።»